ፊትና ጽሑፍ በተን ሥር እንዳይገባ፦ የቁም ቪዲዮ ሴፍ ዞን

(ለቪዲዮ ቀራጮችና ኤዲተሮች ከተሰጠ ገለጻ የተዘጋጀ)

እንደምን ዋላችሁ። የዛሬው ርዕሳችን ጠባብ ነው፤ ሴፍ ዞን፣ ማለትም አፑ በሚደርባቸው በተኖችና ጽሑፎች የማይሸፈነው የፍሬሙ ክፍል። ቪዲዮው ኤዲተሩ ላይ ሳለ እንከን አይወጣለትም፤ የተናጋሪው ስም ከታች በግራ በኩል ተቀምጧል፣ ሰብታይትሉም ጥርት ብሎ ይነበባል። ተለጥፎ ስልክ ላይ ሲከፈት ግን ስሙ ከአካውንቱ ስምና ከመግለጫው ጋር ተደራርቦ ሁለቱም አይነበቡም። የሰብታይትሉ የመጨረሻ ቃል ደግሞ የላይክ ምልክት ሥር ገብቷል። ፋይሉ ምንም አልሆነም፤ አፑ የራሱን ምልክቶችና ጽሑፎች ከላዩ ደረበበት እንጂ።

መደበቁ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በድሮዎቹ ባለ ቱቦ ቴሌቪዥኖች የምስሉ ጠርዝ ይቆረጥ ስለነበር ባለሙያዎቹ ጽሑፍን ከምስሉ መሃል 80 በመቶ፣ ዋናውን ድርጊት ደግሞ ከ90 በመቶ እንዳይወጣ ያደርጉ ነበር። ያ ህዳግ በአራቱም በኩል እኩል ነው። የስልኩ ህዳግ ግን እኩል አይደለም፤ ከታች ብዙ ይወስዳል፣ ከቀኝ መጠነኛ፣ ከላይ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከግራ ደግሞ እዚህ ግባ የማይባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከልማድ ተነስቶ ዙሪያውን እኩል ቦታ ይተዋል፤ ከግራ ያለውን ቦታ ያባክናል፣ ከታች ግን ይሸፈንበታል።

የምንሠራበት ፍሬም 1080 በ1920 ፒክስል ነው። ዛሬ ቁጥር ስጠራ ቁመትን ከላይ ወደ ታች፣ ወርድን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምቆጥረው። ስለዚህ "ቁመት 640" ስል ከላይኛው ጠርዝ 640 ፒክስል ወረድ ብሎ ማለቴ ነው፤ "ከ640 በላይ" ስልም በስክሪኑ ላይ ከዚያ ከፍ ብሎ ማለቴ እንጂ የሚበልጥ ቁጥር ማለቴ አይደለም። አንዳንድ ኤዲተሮች ዜሮን የሚያስቀምጡት መሃል ላይ ነው፤ በእነሱ ላይ ከወርዱ 540፣ ከቁመቱ 960 ቀንሱ፤ ወደ ላይ ፕላስ ነው ወይስ ማይነስ የሚለውንም አንድ ጊዜ ሞክራችሁ አረጋግጡ። በፎርኬ የምትሠሩ ከሆነ ሁሉንም ቁጥር በሁለት አባዙት።

አሁን አፑ የሚደርበውን ከታች እንጀምር፤ ብዙው ነገር ያለው እዚያ ነው። የአካውንቱ ስም፣ መግለጫው፣ የድምፁ ወይም የሙዚቃው ስም እዚያው ተደርድረዋል። ይህ ክምር ቁመቱ ቋሚ አይደለም። መግለጫው አንድ መስመር ሲሆን ዝቅ ይላል፣ ሁለት ሲሆን ከፍ ይላል፣ ተመልካቹ ሲነካው ደግሞ ተዘርግቶ የፍሬሙን ትልቅ ክፍል ይይዛል። ማስታወቂያ ከሆነ ተመልካቹን ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ሰፊ በተን ይጨመርበትና ሁሉንም ወደ ላይ ይገፋዋል። ብዙዎቹ አፖች ነጩ ጽሑፋቸው እንዲነበብ ከሥሩ ምስሉን ጠቆር ያደርጉታል። ስለዚህ የእናንተ ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ ባይሸፈንም ይደበዝዛል፣ ከነጭ ጽሑፍ ጋር ነጭ ሆኖ ይምታታል።

ሜታ ለሪልስ ማስታወቂያዎች ባወጣው መመሪያ ከላይ 14 በመቶ፣ ከታች 35 በመቶ፣ ከየጎኑ ደግሞ 6 በመቶ ያህል ከጽሑፍና ከሎጎ ነፃ እንዲተው ይመክራል። በፒክስል ሲሰላ ከላይ 269፣ ከታች 672፣ ከየጎኑ 65 ነው። ለስቶሪ የሚመክረው የታችኛው ህዳግ 20 በመቶ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ለስቶሪ የተሠራ ዲዛይን ሪልስ ላይ እንዳለ ሲለጠፍ የታችኛው መስመር ቢጠፋ ሊገርማችሁ አይገባም። ቲክቶክም ለማስታወቂያ ሠሪዎች የሚወርዱ የሴፍ ዞን ምስሎች አሉት፤ እነሱም እንደ መግለጫው ርዝመት ይለያያሉ። እነዚህ ልኮች ለማስታወቂያ የወጡ ስለሆኑ ለተራ ቪዲዮ የሚያስፈልገው ቦታ ያንሳል። እንደኔ ግን ለተራውም በማስታወቂያው ልክ መሥራት ይሻላል፤ ዛሬ በተራ የለጠፋችሁትን ቪዲዮ ደንበኛው ነገ ማስታወቂያ አድርጉልኝ ሊል ይችላል።

ወደ ቀኝ እንሂድ። ላይክ፣ ኮሜንት፣ ሼር የመሳሰሉት አንዱ ካንዱ በታች ተደርድረው ከፍሬሙ አጋማሽ አካባቢ እስከ ታች ይወርዳሉ። 65 ፒክስል የጠርዝ ህዳግ ነው እንጂ ይህን ረድፍ አይሸፍንም። ለረድፉ 180 ፒክስል ተዉለት፤ ከወርድ 900 እስከ 1080 ማለት ነው፤ የሚጀምረውም ቁመት 850 ላይ ነው ብላችሁ ያዙ። ከ850 በላይ ቀኙ ክፍት ስለሆነ እስከ 1015 ድረስ መሄድ ይቻላል። ከላይ በኩል ደግሞ የገጽ መቀያየሪያዎቹና የፍለጋ ምልክቱ አሉ። የሜታው 269 ቢሆንም 300 አድርጉት፤ ምክንያቱን የቪዲዮው የሽፋን ምስልና መቆረጥ ጋ ስንደርስ አነሳዋለሁ።

እንግዲህ ለሦስቱም ማለትም ለቲክቶክ፣ ለሪልስና ለሾርትስ በአንድ ፋይል ለመሥራት የምንይዘው ሳጥን ይህ ነው። ከላይ 300፣ ከታች 1250፣ ከግራ 65፣ ከቀኝ 1015፤ ከቁመት 850 በታች ግን ቀኙ 900 ላይ ያበቃል። ቅርጹ ከቀኝ ታች ጥጉ የተቆረሰ ሳጥን ነው። 1920 ቁመት ካለው ፍሬም ለዋናው ነገር የተረፈን 950 ብቻ ነው፤ ግማሽ መሆኑ ነው።

ሳጥኑ ወደ ግራ ስላደላ ጽሑፉንም አብሮ ወደ ግራ መግፋት ያምራችኋል። አታድርጉት። ያው ቪዲዮ ያለ በተን የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ወርዶ በቴሌግራም ሲላክ፣ በኮምፒውተር ሲከፈት። ያኔ ወደ ግራ የተገፋ ሰብታይትል ያለ ምክንያት የተንጋደደ ይመስላል። ጽሑፉን ፍሬሙ መሃል፣ ወርድ 540 ላይ አቁሙትና የመስመሩን ርዝመት አሳጥሩት። ቀኙ 900 ላይ ካበቃ ግራው 180 ላይ ይጀምራል፤ የመስመሩ ርዝመት 720 ይሆናል ማለት ነው። ቁጥሯን ያዟት፤ ኤዲተራችሁ የጽሑፍ ሳጥን ወርድ የሚጠይቃችሁ ከሆነ የምታስገቡት እሷን ነው።

720 ፒክስል ለአማርኛ ሰብታይትል ብዙ ቦታ አይደለም። ፊደላችን ሰፋ ያለ ነው፣ ቃላቱም ቅጥያ እየጨመሩ ይረዝማሉ። በ64 ፒክስል መጠን አንድ መስመር ከ15 እስከ 17 ፊደል ያህል ይይዛል፤ እንደ ፎንቱ ይለያያልና በራሳችሁ ፎንት ለኩት። ይህ ሦስት ወይም አራት ቃል ነው። በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር በላይ አታሳዩ፤ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ከሆነ በሐረግ በሐረግ ቆርጣችሁ በየተራ አውጡት። ኤዲተሩ መስመሩን ራሱ እንዲሰብር ከተዋችሁት "እንደማይቀበሉትም" የመሰለ ቃል ብቻውን ሦስተኛ መስመር ላይ ይወድቅና ከ1250 በታች ይገባል። የሳጥኑ መነሻ ትክክል ሆኖ ጽሑፉ የሚሸፈነው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሰብታይትሉን ከላይ ሳይሆን ከታች አስሩት፤ የታችኛው መስመር 1220 ላይ ይቁም፣ መስመር ሲጨመር ወደ ላይ ይደግ።

ስንቀርጽ እነዚህን ቁጥሮች በቃላችን መያዝ አይጠበቅብንም። የስልኩ ካሜራ ባለ ዘጠኝ ክፍል ግሪድ አለው፤ ከሴቲንግ ውስጥ ክፈቱት። ካሜራው ቪዲዮ ላይ ሆኖ ስልኩ ሲቆም፣ የሚታየው ሙሉው የሚቀረጸው ፍሬም እስከሆነ ድረስ፣ ሁለቱ አግድም መስመሮች ቁመት 640 እና 1280 ላይ ያርፋሉ። የታችኛው መስመር ከእኛ 1250 ጋር 30 ፒክስል ብቻ ነው የሚለያየው። እንግዲህ ሕጉ ይህ ነው፤ ዓይን ላይኛው መስመር ላይ፣ ከታችኛው መስመር በታች ልብስና ጠረጴዛ ብቻ። ፎቶ ላይ ያለው ግሪድ ግን አያገለግልም፤ የፎቶው ፍሬም በአብዛኛው 4 በ3 ስለሆነ መስመሮቹ ሌላ ቦታ ነው የሚያርፉት።

ቀራጮች ፊትን ፍሬሙ መሃል ላይ ማድረግ ይወዳሉ፤ ስክሪኑ ላይ ምንም ስለሌለ ከ640 በላይ ያለው ባዶ ቦታ አይረብሻቸውም። እንዲህ ተቀርጾ የመጣ ነገር እንዴት ይዳናል? አንድ ምሳሌ በቁጥር እንየው።

አንዲት የጤና ባለሙያ ወደ ካሜራ እየተናገረች ነው። ዓይኗ ቁመት 960 ላይ ነው፣ የጸጉሯ ጫፍ 740 ላይ፣ አገጯ 1180 ላይ። ርዕሱ ቁመት 120 ላይ፣ ስሟ 1500 ላይ፣ ሰብታይትሉ 1650 ላይ ተቀምጧል። በሳጥናችን ስንለካው ፊቷ ውስጥ ነው፤ ሦስቱም ጽሑፎች ግን ውጭ ናቸው። ሰብታይትሉን ወደ 1220 ልናመጣው ብንል አገጯና ሰብታይትሉ መካከል ምንም አይቀርም፤ ባለ ሁለት መስመር ሲሆን አፏን ሊነካ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምስሉ ወደ ላይ መሄድ አለበት።

ዓይኗን ከ960 ወደ 640 ለማምጣት ምስሉ 320 ፒክስል መውጣት አለበት። ዝም ብለን ካወጣነው ከታች 320 ፒክስል ጥቁር ይቀራል። ያንን ለመሙላት ምስሉ መተለቅ አለበት፤ ከመሃል ሲተልቅ ከታችም 320 እንዲጨምር ጠቅላላ ቁመቱ 2560 መሆን አለበት፤ ይህም 133.3 በመቶ ነው። 133 ብላችሁ ብትጽፉ ከታች ሦስት ፒክስል ያህል ጥቁር መስመር ይቀራል፤ በኤዲተሩ ትንሽ ማያ ላይ አይታይም፣ ስልክ ላይ ግን በነጭ ግድግዳ ፊት ያፈጣል። 134 አድርጉት። አሁን ጸጉሯ 345፣ ዓይኗ 640፣ አገጯ 935 ላይ ሆነ። ፋይሉ በፎርኬ የተቀረጸ ከሆነ ጥራቱ አይነካም። በ1080 የተቀረጸ ከሆነ ግን ትንሽ ይለሰልሳል፤ እሱን መታገሥ ነው፣ የተሸፈነ ሰብታይትል ከለሰለሰ ምስል የባሰ ነው።

ጽሑፎቹን እናስቀምጥ። ሰብታይትሉ ሁለት መስመር ሆኖ ከ1050 እስከ 1220 ይይዛል። ስሟ ከአገጯ በታች ከ960 እስከ 1020 ለአራት ሰከንድ ያህል ይታይና ይጥፋ። ከታች ግራ ጥግ ላይ ስም መጻፍ ከቴሌቪዥን የመጣ ልማድ ነው፤ በስልክ ላይ ያ ጥግ የአካውንቱ ስም ቦታ ነውና ልቀቁለት። ርዕሱስ? ከ300 እስከ 345 ያለው 45 ፒክስል ብቻ ነው፤ እዚያ ርዕስ አይገባም። እዚህ ላይ ኤዲተሮች ፊደሉን እያሳነሱ ይታገላሉ፤ ወይም ግንባሯ ላይ ይለጥፉታል። የኔ ምክር ርዕሱን መተው ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሰብታይትል በትልቅ ፊደል፣ በሰብታይትሉ ቦታ አሳዩትና እሱ ርዕስ ሆኖ ያገልግል። ያ ዓረፍተ ነገር ለርዕስ የማይሆን ከሆነ፣ ቪዲዮው የሚጀምረው ከተሳሳተ ቦታ ሊሆን ስለሚችል ያንንም እዩት።

ያው ሰው ሲቀረጽ ዓይኗ ከመጀመሪያው ላይኛው የግሪድ መስመር ላይ ቢሆን ኖሮ ምስሉን መተለቅ አያስፈልግም ነበር። ጸጉሯ 420፣ አገጯ 860 ላይ ይሆን ነበር፤ ርዕሱ ከ300 እስከ 400 በአንድ መስመር፣ ስሟ ከ900 በታች፣ ሰብታይትሉም በቦታው ሁሉም በተመቻቸ ይገባል። ልዩነቱ ካሜራውን ትንሽ ወደ ታች ማዘንበል ብቻ ነው። እዚህ ላይ ቀራጮች በአንድ ነገር ይደናገራሉ፤ ፊቱ ፍሬም ውስጥ ከፍ እንዲል ካሜራው ወደ ታች ነው የሚያየው። ብዙ ካዘነበላችሁት ግን ሰውየው ከላይ የታየ ይመስላል፤ እንደዚያ ከሆነ ማዘንበሉን ትታችሁ ትራይፖዱን ራሱን ዝቅ አድርጉት።

አሁን ወደ መቆረጥ። ሪልስ ሁልጊዜ ሙሉ ስክሪን ላይ አይታይም። በኢንስታግራም መነሻ ገጽ ላይ በ4 በ5 ተቆርጦ ሲታይ ከ1920ው መሃለኛው 1350 ብቻ ይቀራል፤ ከላይ 285፣ ከታች 285 ይቆረጣል። ከላይ ህዳጉን 300 ያልነው ለዚህ ነው። 269 ላይ የጀመረ ርዕስ በሙሉ ስክሪን ደህና ሆኖ መነሻ ገጹ ላይ የፊደሎቹ አናት ይቀነጠሳል፤ 'ሀ'ና 'ለ'ን ለይቶ ማንበብ ይቻል ይሆናል፣ ከላይ ምልክት ያላቸው ፊደሎች ግን ይጠፋሉ። የፕሮፋይሉ ግሪድ ደግሞ 3 በ4 ነው፤ ከላይና ከታች 240 ይቆርጣል፤ እዚያ ችግር የለብንም። እ.ኤ.አ. እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ ግን ካሬ ነበር፤ ካሬ ከ420 በላይና ከ1500 በታች ያለውን ይጥላል። ሽፋን ስትሠሩ ጽሑፉን ከ420 እስከ 1250 ብታስቀምጡት በየትኛውም አቆራረጥ ይተርፋል። ሽፋን ቋሚ ምስል ስለሆነ ሰብታይትል የለበትም፤ ቦታው ይበቃል።

ከዚህ የሚከፋው የጎን መቆረጥ ነው፤ ኤዲተሩ ላይ ምንም ምልክት ስለማይሰጥ። የዛሬ ስልኮች ስክሪን ከ9 በ16 ይረዝማል። አፑ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ከላይ ወይም ከታች ጥቁር ይተዋል፣ ወይ ቪዲዮውን ቁመቱ እስኪሞላ ያተልቀዋል። ሲያተልቀው ጎኖቹ ይወጣሉ። ቪዲዮው የተሰጠው ቦታ 9 በ18 ቢሆን ከ1080 የሚታየው 960 ነው፤ ከየጎኑ 60 ይሄዳል። 65ቱ የጎን ህዳግ ያድነናል፣ ለጥቂት። በተኖቹስ? እነሱ የተያያዙት ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር እንጂ ከቪዲዮው ጋር አይደለም። ጠርዙ ወደ ውስጥ ሲገባ አብረው ይገባሉ፤ በዚህ ስሌት ረድፉ የሚጀምረው 900 ላይ ሳይሆን 860 ላይ ይሆናል። 720 ርዝመት ያለው መስመር የመጨረሻው ፊደል እዚያ ላይ ይነካካል። ተመልካቾቻችሁ ረጃጅም ስልክ የሚይዙ ከሆነ ወይም ጽሑፉ ምንም ስህተት የማይችል ስልክ ቁጥር፣ ዋጋ ወይም የመድኃኒት መጠን ከሆነ መስመሩን ወደ 640 አጥብቡት፤ ቀኙ በትክክል 860 ላይ ያርፋል።

እነዚህ ሁሉ ቁጥሮች መነሻ ናቸው፤ አፖቹ በየጊዜው ይቀያየራሉ። በራሳችሁ ስልክ መለካት የምትችሉበት መንገድ አለ፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። 1080 በ1920 የሆነ ነጭ ምስል ክፈቱ። በየ100 ፒክስሉ አግድምና ቁልቁል መስመር አስምሩ፤ በየመስመሩ ቁጥሩን ጻፉበት፤ ቁጥሩን በተለያየ ቦታ ደጋግሙት፣ አንዱ ቢሸፈን ሌላው እንዲታይ። ከግራና ከቀኝ ጠርዝ ወደ ውስጥ በየ20 ፒክስሉ አጫጭር የቁልቁል ሰረዞች ጨምሩ። ነጩን ትንሽ ግራጫ አድርጉት፤ የአፑ ነጭ ምልክቶች በንጹሕ ነጭ ላይ አይታዩምና። ይህን ምስል አምስት ሰከንድ ቪዲዮ አድርጋችሁ ለራሳችሁ ብቻ እንዲታይ አድርጋችሁ ለጥፉት። መግለጫውን አንድ ጊዜ በአጭሩ፣ አንድ ጊዜ በረጅሙ ጻፉ። ከዚያ ከፍታችሁ ስክሪንሾት አንሱ፤ የትኛው ቁጥር እንደተሸፈነ፣ ከጎን የትኛው ሰረዝ ላይ እንደተቆረጠ ታነቡታላችሁ። ኤዲተሩ ውስጥ ባለው ቅድመ እይታ አትተማመኑ፤ የማስታወቂያ በተኑንና የተዘረጋውን መግለጫ ላያሳያችሁ ይችላል።

የሌላ ሰው ቪዲዮ ስክሪንሾት አንስተው ታይምላይኑ ላይ የሚደርቡም አሉ። ይሠራል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ስክሪንሾቱ የስልኩ ልክ ነው፣ ለምሳሌ 1080 በ2400፤ ፍሬሙ ግን 1080 በ1920 ነው። ኤዲተሩ እንዲገጥም ብሎ ስክሪንሾቱን ሲያሳንሰው በተኖቹም ያንሳሉ፣ ወደ መሃልም ይሰበሰባሉ፤ የተሳሳተ ልክ ይሰጣችኋል። ማጋጠም ያለባችሁ የስክሪንሾቱን ጠርዝ ሳይሆን በውስጡ ያለውን የቪዲዮ ጠርዝ ነው፤ ከታች የአፑ የመነሻ አሞሌ ከተጀመረበት በላይ ማለት ነው። ጎኑ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ የቪዲዮውን ጠርዝ ማየት ስለማትችሉ፣ ባለ ቁጥሩ ሰሌዳ ይሻላል።

ከተለካ በኋላ ልኩን ቀይ ከፊል ግልጽ ምስል አድርጋችሁ ከሁሉም ላየር በላይ አስቀምጡት፤ ፕሮጀክት በከፈታችሁ ቁጥር እዚያው ይኑር። ኤክስፖርት ከማድረጋችሁ በፊት የላየሩን የዓይን ምልክት ማጥፋት ግን አትርሱ። ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩና ከሌላ ሰው የመጣ ያለቀ ፋይል የምትፈትሹ ከሆነ ደግሞ ፕሮጀክት መክፈት ሳያስፈልግ በዚህ የffmpeg ፕሮግራም ትእዛዝ ቀዩን ደርቦ የመፈተሻ ኮፒ ማውጣት ይቻላል፦

```
ffmpeg -i in.mp4 -vf "drawbox=0:0:1080:300:red@0.4:fill,drawbox=0:1250:1080:670:red@0.4:fill,drawbox=900:850:180:400:red@0.4:fill" -c:a copy check.mp4
```

በየሳጥኑ ያሉት አራት ቁጥሮች በቅደም ተከተል ሳጥኑ የሚጀምርበት ወርድና ቁመት፣ ከዚያም የሳጥኑ ስፋትና ርዝመት ናቸው። በ1080 በ1920 ፋይል ላይ ብቻ ነው የሚሠሩት፤ በሌላ ልክ ከሆነ ቀዩ የተሳሳተ ቦታ ያርፋል። ሲፈተሽ ቪዲዮውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዩት። የመጀመሪያው ፍሬም ላይ ደህና የሆነ ፊት አሥረኛው ሰከንድ ላይ ሰውየው ወደ ቀኝ ሲያጋድል በተን ሥር ይገባል።

ከቀረቡት ጥያቄዎች ውስጥ ሦስቱን እዚህ ላካትት። አንዱ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ምን ይደረጋል የሚል ነበር። በቀኝ ያለው ሰው ፊት ወርድ 800 አካባቢ ይሆናል፤ ቁመቱ መሃል ላይ ከሆነ ጉንጩ ላይ የላይክ ምልክት ይቀመጥበታል። በተኖቹ ከ850 በታች ስለሆኑ ሁለቱም አገጮች ከ800 በላይ እንዲሆኑ አድርጋችሁ ቅረጹ። ያ የማይሆን ከሆነ፣ ለምሳሌ አንዱ አጭር ሲሆን፣ አጭሩን ሰው በግራ አስቀምጡት፤ ወይም ሁለቱን በየተራ ለብቻ እየቀረጻችሁ አጋጥሟቸው።

ሌላው ጥያቄ እጅ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ ከላይ ስለሚቀረጽ ቪዲዮ ነው። እዚህ ፊት የለም፤ የሚጠበቀው የእጁ ጣቶችና የሚሠራው ነገር ነው። የሳጥናችን መሃል ወርድ 480፣ ቁመት 775 አካባቢ ነው፤ የፍሬሙ መሃል ግን 540 እና 960 ነው። ሥራው የሚሠራበትን ቦታ ከፍሬሙ መሃል ወደ ላይና ጥቂት ወደ ግራ አድርጉት። በጠረጴዛው ላይ አንድ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፋችሁ ቦታውን ምልክት ብታደርጉ ሠሪው ሳያውቀው ወደ ራሱ እየጎተተው አይሄድም፤ ወደ ራሱ ሲጎትተው በፍሬሙ ወደ ታች መውረዱ ነውና። ሰብታይትል የሚያስፈልግ ከሆነ ሰብታይትሉን ከላይ፣ ከ300 በታች ወዳለው ክፍት ቦታ ውሰዱት፤ እዚያ ቀኙ ነፃ ስለሆነ መስመሩ ሊረዝምም ይችላል።

የመጨረሻው አፑ ራሱ ስለሚያወጣው ሰብታይትል ነበር። እናንተ ቪዲዮው ላይ የጻፋችሁት እያለ አፑም የራሱን ካወጣ ሁለቱ ይደራረባሉ። የአፑን ቦታ እናንተ ሙሉ በሙሉ አትቆጣጠሩትም፤ ተመልካቹም በራሱ ሴቲንግ ሊከፍተው ይችላል። ቪዲዮውን ስትለጥፉ የአፑን ሰብታይትል ምርጫ አጥፉት። የአፑን መጠቀም ከመረጣችሁ ደግሞ የራሳችሁን ከቪዲዮው አውጡት፤ ከ1050 እስከ 1250 ያለውንም ቦታ ባዶ ተዉለት።